«ኤ አመጣሁ»፣ «ኤፍ ሰጠኝ»

የዩኒቨርሲቲ ግሬድ በተለቀቀ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። የሚደውሉት የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። ጎበዝ የሆነለት «ቲቸር፣ ማትስ ኤ አመጣሁ!» ይለኛል። የወደቀው ደግሞ «ቲቸር፣ ሰውዬው ኤፍ ሰጠኝ» ይላል። አስተውላችሁ ከሆነ ኤውን ያመጣው ተማሪው ነው። ኤፉን ግን አስተማሪው ነው የሰጠው። ኤ ይመጣል፣ ኤፍ ይሰጣል!

ዛሬ ልጨቃጨቅ የመጣሁት በዚች አንዲት ቃል ነው። ምክንያቱም «ሰጠኝ» ያለ ልጅ ቀጥሎ የሚያደርገው «ስጠኝ» ማለት ነው። ሰው ይፈልጋል፣ ያለቅሳል፣ ዘመድ ይልካል። ወረቀቱን ግን አያይም። ይሄ ነገር ልጆቻችንን እየበላ ነው፣ እኛ መምህራንና ወላጆችም እያገዝነው ነው።

ባለፈው ስለደወለችልኝ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፣ የምጽፈውም ፈቅዳልኝ ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፍሬሽማን ናቹራል ገብታ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ላይ ኤፍ ኤክስ አገኘች። ስትደውል እንደተለመደው «ቲቸር፣ ኤፍ ኤክስ ሰጠኝ፣ ሰውዬው አይወደኝም» አለች።

«ስንት ነው ያመጣሽው?» አልኳት። «36።»

«36ቱ ከየት ከየት መጣ?» ስላት ዝም አለች። አታውቀውም ነበር። ግሬዷን ታውቃለች፣ ዝርዝሩን አታውቅም። ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሄዶ «የት ነው የሚያምህ?» ሲባል «አሞኛል» ብቻ ብሎ እንደ መመለስ ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩን አምጪ አልኳት። አመጣች። ኩዊዝ ከ10፣ 3። ቴስት ከ20፣ 6። የቡድን አሳይመንት ከ20፣ 16። ፋይናል ከ50፣ 11።

እስቲ ቁጥሮቹን እዩዋቸው። የቡድን አሳይመንቱን ስድስት ልጆች ናቸው የሠሩት። እውነቱን ንገሪኝ ስላት፣ አንዱ ጎበዝ ልጅ ሠርቶት ሌሎቹ ስማቸውን ጽፈው እንዳስገቡት ነገረችኝ። ስለዚህ እሱን ለጊዜው እናውጣው። ብቻዋን ተቀምጣ ከሠራችው 80 ማርክ ውስጥ ያገኘችው 20 ነው። ሩቡን ማለት ነው። ደግሞ ኩዊዙም፣ ቴስቱም፣ ፋይናሉም በተመሳሳይ ልክ ነው የወደቁት። አንድ ቀን ታማ ወይም ደንግጣ ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ ወርዶ ሌሎቹ ደህና ይሆኑ ነበር። አስተማሪው ጠምዶኛል ለማለትም ቢሆን፣ አሳይመንቱ ላይ 16 የሰጠው ያው አስተማሪ ነው።

ከዚያ ወደ አስተማሪው እንድትሄድ ነገርኳት። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት፣ ቢሮ የምትገቡበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ሰር፣ እባክዎ ይርዱኝ፣ ቤተሰቦቼ ችግረኞች ናቸው» ብሎ የገባ ተማሪ ገና ከበሩ ተሸንፏል። አስተማሪው ለድህነታችሁ የሚሰጠው ማርክ የለውም። ቢኖረውም ሌላው ድሃ ተማሪ ምን በደለ? ሌሊት በቴሌግራም «ሰር ሰር» እያሉ መላክም ያው ነው። የሚያስኬደው እንዲህ ነው፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ፣ በቢሮ ሰዓት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ፣ «የፋይናል ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ፣ የት የት እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ነው» ማለት። በቃ። ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አስተማሪ በቁጣ ሊመልሰው ይከብደዋል። እምቢ ካለም ለዲፓርትመንት ሄዱ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ጥያቄያችሁ የማርክ ልመና ስላልሆነ ቀና ብላችሁ ነው የምትሄዱት።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ሁለት ሥራ አለ፣ ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው። አንደኛ መደመር። እያንዳንዱ ገጽ ታርሟል ወይ? ከጀርባ የሠራችሁት ታይቷል ወይ? የየገጹ ድምር የፊት ገጹ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ? ኩዊዝና ቴስቱ በትክክል ገብቶላችኋል ወይ? አስተማሪ ሰው ነው፣ ሁለት መቶ ወረቀት ሲያርም ይስታል። እኔም ስቻለሁ። ይህን መጠየቅ መብት ነው፣ ክርክርም አያስፈልገውም፤ ጣት አስቀምጦ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ማርክ የጎደለበትን እያንዳንዱን ጥያቄ ቁጥር ጽፋችሁ፣ አጠገቡ ስንት እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ ማስቀመጥ። ምክንያቱ ከአራት አይወጣም። አላወቅሁትም፣ እያወቅሁት ተሳሳትኩ፣ ጊዜ አለቀብኝ፣ ወይም የጥያቄው እንግሊዝኛ አልገባኝም።

ልጅቷ ሄደች። ሰውዬው ያ «አይወደኝም» የተባለው ሰው ወንበር ሰጥቶ ሃያ ደቂቃ ወረቀቷን አሳያት። ፎቶ አላስነሳም፣ ደብተሯ ላይ ግን እንድትጽፍ ፈቀደ። ከጀርባ የሠራችው አንድ ጥያቄ ሳይታረም አልፎ ኖሮ እዚያው አርሞ 2 ማርክ ጨመረላት። ፋይናሏ 13፣ ድምሯ 38 ሆነ።

ማታ ደወለችልኝና የጎደሉትን 37 ማርኮች አብረን ደለደልን። መጀመሪያ ሁሉንም «እያወቅሁት ተሳሳትኩ» ውስጥ ነበር የከተተቻቸው። ሁሉም ተማሪ እንዲህ ነው፤ «አላወቅሁትም» ማለት ያማል። ይህን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደብተር ሳታይ በባዶ ወረቀት ሥሪው። በትክክል ከወጣ በእርግጥም ስህተት ነበር። ያው ስህተት ከተደገመ ግን ስህተት አይደለም፣ እንደዚያ ነው የምታውቂው ማለት ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ጥያቄው ይህን የሚያሟሉትን የ x ዋጋዎች ፈልጉ የሚል ነው፦

(x − 1)/(x + 2) ≥ 2

እሷ ሁለቱንም ወገን በ x + 2 አባዛች፣ x − 1 ≥ 2x + 4 አለች፣ ከዚያ x ≤ −5 ብላ ጨረሰች። ያምራል አይደል? እስቲ −10ን እናስገባ። ከላይ −11፣ ከታች −8፣ ሲካፈል 1.375። ከ2 ያንሳል! መልሷ ውስጥ ያለ ቁጥር አልሠራም። አሁን −3ን እናስገባ። ከላይ −4፣ ከታች −1፣ ሲካፈል 4። ይሄ ይሠራል፣ እሷ ግን አውጥታ ጥላዋለች። ችግሩ x + 2 ኔጌቲቭ ሊሆን መቻሉ ነው። በኔጌቲቭ ሲባዛ ምልክቱ ይገለበጣል፤ የማናውቀውን ነገር ዝም ብሎ ማባዛት አይቻልም። መንገዱ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ማቀናነስ ነው፦

(x + 5)/(x + 2) ≤ 0

ከዚያ ምልክቱን በየክፍሉ ማየት። መልሱ −5 ≤ x < −2 ነው።

በሁለት ቀኗ ሠራችው። ያው x ≤ −5። ተመሳሳይ ሁለት ጥያቄ ሰጠኋት፣ ሁለቱንም በዚያው መንገድ አባዝታ ሳተች። ስለዚህ ይህ «ስህተት» የሚባል አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንጨርስ ከ37ቱ ውስጥ 4 ብቻ እውነተኛ ስህተት፣ 8 ጊዜ ያለቀባት፣ 3 እንግሊዝኛው ያልገባት፣ 22 ደግሞ ያላወቀችው ሆነ። ከ22ቱም 14ቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይደሉም። ፋክተር ማድረግና ኢንኢኳሊቲ፣ ማለትም ታች ክፍል ያለፈቻቸው ናቸው። ጊዜ ያለቀባትም ለዚሁ ነው፤ ፋክተር ማድረግ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ፋይናል አይጨርስም።

ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ፈተናው መጣ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚሠሩበት ስኬል ከ30 በታች ኤፍ ነው፣ ኮርሱ እንደገና ይወሰዳል። ከ30 እስከ 40 ኤፍ ኤክስ ነው፣ ድጋሚ ፈተና ያስቀምጣል። 40 ሲሞላ ዲ፣ 45 ሲ ማይነስ፣ 50 ሲ ነው። እሷ 38 ላይ ናት። ሁለት ማርክ! ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ ነው የወሰደችው። በሌሎቹ አምስቱ ሦስት ሲ፣ አንድ ሲ ፕላስ፣ አንድ ቢ አላት። ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ ሲቆጠር ጂፒኤዋ 1.92 ነው። ዲ ቢሆን 2.08 ይሆናል። ሁለት ነጥብን የምታልፈው በነዚያ ሁለት ማርኮች ነው።

እናቷ ደወሉ። «መምህር፣ እዚያ ጓደኛ አለዎት አሉ። እንደ ልጅዎ ይዩልኝ፣ አንድ ስልክ ቢመቱ ምን ይጎድልብዎታል?» እውነት ነው፣ ዲፓርትመንቱ ውስጥ አብሮኝ የተማረ ሰው አለ። ብደውል ደግሞ ላይሆን ይችላል ብዬ አልዋሻችሁም። አልደወልኩም። እናትየው እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቅዟል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ያልፋሉ። ይሰማኛል።

ለምን እምቢ አልክ ለምትሉኝ፣ ሕጉንና ፍትሑን ለጊዜው ተዉት። ለልጅቷ ስለማይጠቅማት ነው። ዲ የምትለዋ ደብዳቤ 14ቱን ማርክ አትሞላም። በሚቀጥለው ሴሚስተር አፕላይድ ማትስ አለ። ሊሚት ሲመጣ (x² − 9)/(x − 3) ይሰጧታል፣ x ወደ 3 ሲጠጋ። ፋክተር ያደረገ በሁለት መስመር 6 ብሎ ይጨርሳል። ያላደረገ ዜሮ ለዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ዲውን ለምነን ብናገኝላት ኖሮ ጉድጓዱን በቅጠል ሸፍነን «እለፊ» እንዳልናት ነበር።

«እንግዲያው ትድገመው!» የሚል ሌላ ወገን አለ። ኤፍ ባዩ ቁጥር «ድገመው፣ ይሻልሃል» የሚሉ። ከነሱም ጋር አልስማማም። ማስረጃዬ እኔው ነኝ። ዲፕሎማዬን ስማር ካልኩለስ ኤፍ አግኝቻለሁ። ወረቀቴን ሳላይ፣ አስተማሪውን ሳላናግር፣ ካፌ ቁጭ ብዬ ስሳደብ ሴሚስተሩ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት። ያው ደብተር፣ ያው አጠናን፣ ያው ፋይናል ሊደርስ ሲል ሌሊት ማደር። ምን ያገኘሁ ይመስላችኋል? ዲ። አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ደብዳቤ። ምክንያቱን ሳያውቁ መድገም ያንኑ በሽታ ሁለተኛ መታመም ነው።

ስለዚህ መድገም ወይስ ድጋሚ ፈተናውን መቀመጥ? ይህ የሚወሰነው በስሜት አይደለም። መጀመሪያ ደንቡን ከሬጅስትራር ጠይቁ፤ ከጓደኛ አይደለም። ድጋሚ ፈተናው የሚተካው ፋይናሉን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም? የሚያዘው ከፍተኛ ግሬድ ገደብ አለው? ኮርሱ እንደገና የሚሰጠው መቼ ነው? ለሚቀጥለው ኮርስ መግቢያ ነው ወይ? ይህ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእሷ ዩኒቨርሲቲ የሚተካው የ50 ማርኩ ፋይናል ብቻ ነበር፣ የተቀረው 25 ባለበት ይቆያል። መድገም ደግሞ ለእሷ የሚያስከፍለው አለ። ዲፓርትመንት ምርጫ የሚታየው በፍሬሽማን ውጤት ነው፣ ኮርሱም እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖር ነው።

ከዚያ የቀሩትን ቀናት ከጉድጓዱ ጋር ማስተያየት። ድጋሚ ፈተናው ሃያ ቀን ገደማ ቀርቶት ነበር። ሁለታችን ተስማማን። አሥሩን ቀን የዩኒቨርሲቲውን ሞጁል አትነኪም። የዘጠነኛና የአሥረኛ መጽሐፍ አውጥተሽ ፋክተርና ኢንኢኳሊቲ ብቻ። ከዚያ ያንኑ የፋይናል ጥያቄ በሙሉ ሰዓቱ፣ ስልክ ዘግተሽ ሥሪ። ከ50 ከ15 በታች ከሆነ ዲም የለም፣ ድጋሚ ፈተናውን ለማለፍ ብለሽ አትጨነቂ፤ ለመድገም ተዘጋጂ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ግን። ከ20 በላይ ከሆነ ግቢበት። መሐል ላይ ከሆነ እንነጋገራለን።

በአሥረኛው ቀን 21 አገኘች። ጥያቄዎቹን ቀድማ ስላየቻቸው ያ 21 ትንሽ የተነፋ መሆኑን ነገርኳት፣ እሷም አልካደችም። ለዚህ ነው ድንበሩን 15 ላይ ሳይሆን 20 ላይ ያደረግነው። የቀሩትን ቀናት በአዲሶቹ ምዕራፎች ላይ ሠራች። ተፈተነች። 23 አመጣች። 25 ሲጨመርበት 48፣ ሲ ማይነስ። ጂፒኤዋ 2.21። ተአምር አይደለም፣ ኤ አይደለም። ግን ስትደውልልኝ ያለችው «ቲቸር፣ ሲ ማይነስ አመጣሁ» ነው። አመጣሁ! ለሲ ማይነስ «አመጣሁ» ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ድጋሚ ፈተናውን መተው የሚሻልበትም አለ። የእሷ ጉድጓድ ሁለት ርዕስ ላይ የተሰበሰበ ነበር። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ የተበታተነ ቢሆን ሃያ ቀን አይበቃም። ያን ጊዜ መድገም ሽንፈት አይደለም፣ ጊዜ መግዛት ነው። ከመድገማችሁ በፊት ግን ያቺ የአራት ምክንያት ዝርዝር እጃችሁ ላይ ትኑር። ያለሷ የምትደግሙት ኮርሱን ሳይሆን ኤፉን ነው።

አሁን ልመለስ ወዳልኩት ነገር። እነዚያ 14 ማርኮች የታች ክፍል ናቸው ብያችኋለሁ። የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ መምህሯ ማን ነበር? እኔ። ስንት አገኘች? ካርዷ ላይ 81። አንዱ ቴስት ከመጽሐፉ በቀጥታ የተቀዳ ነበር። የቡድን ሥራ ነበረው። ለደብተር አያያዝ 10 ማርክ ነበረው፣ ደብተሯ ደግሞ ቆንጆ ነው፣ ርዕሱ ሁሉ በቀይ የተሰመረ። ኢንኢኳሊቲውን ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በሁለት ፔሬድ አሯሯጥኩት። አንድም ቀን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ በኔጌቲቭ ስታባዛ ምን እንደምታደርግ አላየሁም።

እንግዲህ «ሰጠኝ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታው ይሄ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰውዬ ምንም አልሰጣትም፣ ያለውን ነው የጻፈው። 81ዱን ግን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ልጄ፣ «ቲቸር ሰጠኝ» ማለት የነበረብሽ ያኔ ነበር፣ በደስታ ሳይሆን በቅሬታ። ቤተሰብም ትምህርት ቤት መጥቶ ሊጨቃጨቀኝ የሚገባው ያኔ ነበር። ማንም አልመጣም። ለ81 ማን ይከሳል?

የሙያ ጓዶቼ፣ ደብተር አያያዝ የሚባለውን ማርክ እኔ ትቻለሁ። ያንን 10 ማርክ በየሁለት ሳምንቱ ብቻቸውን ተቀምጠው በሚሠሩት አምስት ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። ክፍሉ አማካይ ወርዷል፣ ርዕሰ መምህሩም ጠርተው አነጋግረውኛል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁት ደግሞ እባካችሁ ወረቀት አሳዩ። ሃያ ደቂቃ ናት። ያ «አይወደኝም» የተባለው ሰው በሃያ ደቂቃ የሠራውን እኔ በሁለት ዓመት አልሠራሁትም።

ግሬድ የተለቀቀላችሁ ልጆቼ ደውሉልኝ፣ አነሳለሁ። ግን ዝርዝሩን ይዛችሁ። «ሰጠኝ» ብሎ ለሚጀምር ሰው የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወረቀትህን አይተሃል?